ሞዴሉ በማን ላይ ተፈተነ?

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ከሚያሳትማቸው መጽሔቶች በአንዱ የወጣ ጥናት የሆስፒታል ሶፍትዌር የሚሠሩትንም የሚገዙትንም ሰዎች አነጋግሮ ነበር። ጥናቱን ያካሄዱት በአን አርበር ከተማ የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ናቸው። የመረመሩት ደግሞ ኤፒክ የተባለው ኩባንያ ሠርቶ በመቶዎች ለሚቆጠሩ የአገሪቱ ሆስፒታሎች ያሠራጨውን ሴፕሲስን አስቀድሞ የሚጠቁም የማሽን ለርኒንግ ሞዴል ነው። ሴፕሲስ ሰውነት ኢንፌክሽንን ሲዋጋ ምላሹ ከልክ አልፎ የራሱን የአካል ክፍሎች የሚጎዳበት ሕመም ነው። ፋታ አይሰጥም፤ አንቲባዮቲክ በዘገየ ቁጥር የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ሞዴሉ የታማሚውን የሙቀት መጠን፣ የልብ ምት፣ የላብራቶሪ ውጤትና ሌላም መረጃ እየሰበሰበ በየ15 ደቂቃው ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ሆስፒታሉ ከወሰነው ወለል ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

የኩባንያው ሰነድ የሞዴሉ ብቃት ከ0.76 እስከ 0.83 ይደርሳል ይል ነበር። የሚሺጋን ተመራማሪዎች ያገኙት 0.63 ነው። በኮድ auc ተብሎ የሚጻፈው ይህ መለኪያ ምን እንደሚል ማስረዳት ከባድ አይደለም። ሴፕሲስ የያዘው አንድ ታማሚና ያልያዘው ሌላ ታማሚ በዕጣ ቢወጡ፣ ሞዴሉ ለያዘው ታማሚ ከፍ ያለ ነጥብ የመስጠት ዕድሉ ስንት ነው? 1 ከሆነ አይሳሳትም፤ 0.5 ከሆነ ሳንቲም ከመወርወር አይሻልም። 0.63 ማለት ከ100 ጥንዶች በ37ቱ ሴፕሲስ ያልያዘውን ከያዘው አስበልጦ አስቀምጧል ማለት ነው።

በሶፍትዌር ሙያ ለኖረ ሰው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ኮዱ ውስጥ የተገኘ ስህተት የለም። ፕሮግራሙ አልተቋረጠም፣ ስሌቱ አልተዛባም፣ ሁለቱም ቦታ ላይ የሠራው ያው ሞዴል ነው። ቁጥሩ ግን ሌላ ሆነ። መደበኛ የኮድ ፈተና ይህን ሊይዝ የማይችልበት ምክንያት በሁለት መስመር ይታያል።

```python
assert daily_dose(mg=500, times=3) == 1500
assert auc(model, test_set) >= 0.80
```

የመጀመሪያው መስመር 500 ሚሊግራም መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ ሲወሰድ 1500 እንደሚሆን ያረጋግጣል። ይህ እውነት በአን አርበርም በጎንደርም፣ ዘንድሮም ከአሥር ዓመት በኋላም አይለወጥም። ፈተናውን ካለፈ አለፈ፤ ኮዱ እስካልተነካ ድረስ እንደገና የሚጠራጠረው የለም። ሁለተኛው መስመር መልኩ ያንኑ ይመስላል፤ የፈተና መሣሪያውም አረንጓዴ ምልክት ያወጣለታል። የሚያረጋግጠው ግን ስለ ሞዴሉ ብቻ አይደለም። `test_set` የሚለው ስም ውስጥ የተወሰኑ ታማሚዎች፣ የተወሰኑ ሆስፒታሎች፣ የተወሰኑ ዓመታትና የሆነ ሰው «ይህ ሴፕሲስ ነው፣ ይህ አይደለም» ብሎ የሰጠው ውሳኔ አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ፣ የኮዱ አንድ ፊደል ሳይነካ ፈተናው ዋጋ ያጣል። የኤፒክ ሞዴል የተሠራው ከ2013 እስከ 2015 በሦስት የጤና ተቋማት ከተሰበሰበ የ405,000 ገደማ የሕክምና ቆይታ መረጃ ነው። የሚሺጋን ጥናት የተሠራው ደግሞ በዲሴምበር 2018 እና በኦክቶበር 2019 መካከል በአንድ ሆስፒታል በተኙ ሰዎች ላይ ነው።

ወደ ቁጥሮቹ ጠጋ ብለን ብናያቸው «ትክክለኛነት» የሚባለው ነገር ራሱ እንዴት እንደሚያሳስት ይገለጣል። ጥናቱ 38,455 የሆስፒታል ቆይታዎችን አካቷል፤ ከነዚህ ውስጥ ሴፕሲስ የታየው በ2,552ቱ ነው፤ ከመቶ 7 ገደማ። ሆስፒታሉ የማስጠንቀቂያውን ወለል 6 ላይ አድርጎ ሲያሰላ ሞዴሉ በ6,971 ቆይታዎች ላይ ደወለ። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ ሴፕሲስ የነበረባቸው 843 ናቸው። ቀሪዎቹ 6,128 የሐሰት ደወሎች ናቸው። በአንጻሩ 1,709 ሴፕሲስ ያለባቸው ሰዎች ምንም ሳይደወልላቸው አልፈዋል፤ ይህም ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛው ነው።

አሁን «ከመቶ ስንቱን በትክክል ለየ?» ብለን እንጠይቅ። በትክክል የደወለባቸውን 843ቱንና በትክክል ዝም ያለባቸውን 29,775ቱን ደምረን ለጠቅላላው ስናካፍል ከመቶ 80 ገደማ ይሆናል። ደህና ውጤት ይመስላል። ነገር ግን ለማንም ሰው ፈጽሞ የማይደውል፣ ሁሉንም «ሴፕሲስ የለበትም» የሚል ባዶ ፕሮግራም ብንጽፍ 35,903ቱን በትክክል ይመልሳል፤ ይህም ከመቶ 93 በላይ ነው። አንድም ሰው የማያድን ፕሮግራም በዚህ መለኪያ ከሞዴሉ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ በሽታው ጥቂቶችን ብቻ የሚይዝ በሆነበት ሁሉ «ትክክለኛነቱ ከመቶ ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚቀርብ ሻጭ ምንም አልነገረንም። መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ ከታማሚዎቹ ስንቱን አገኘ? ከደወላቸው ደወሎች ስንቱ እውነት ሆነ? በሚሺጋን መልሱ ከሦስት አንዱና ከስምንት አንዱ ነበር።

ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ማሻሻል የሚቻለው ሞዴሉ ራሱ ሲሻሻል ብቻ ነው። ወለሉን ዝቅ ካደረግን ብዙ ታማሚ ይያዛል፤ የሐሰት ደወሉም ይበዛል። ከፍ ካደረግን ደወሉ ይቀንሳል፤ የሚያመልጠው ይጨምራል። የት ላይ ይቁም የሚለውን የሚወስን ሒሳብ የለም። በአንድ ፈረቃ ስንት ነርሶች አሉ? አንድ ደወል ለማጣራት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለሰባት ሰው በከንቱ የሮጠች ነርስ ስምንተኛው ሲደወል ትሄዳለች ወይ? የሞዴል ፈተና ከኮድ ፈተና የሚለይበት አንዱ ትልቅ ነጥብ ይህ ነው፤ የማለፊያው ነጥብ የሚወሰነው ሞዴሉ በሚሠራበት ክፍል ባለው የሰው ኃይል እንጂ በፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ላይ አይደለም።

በጥናቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚመዝነው ቁጥር ግን ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። ሞዴሉ ካገኛቸው 843 ሰዎች ውስጥ ሐኪሞች በጊዜው አንቲባዮቲክ ያልጀመሩላቸው፣ ማለትም ማስጠንቀቂያው አዲስ ነገር ሊነግራቸው የሚችለው 183 ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹን ሐኪሞቹ ቀድመው ደርሰውባቸዋል። እዚህ ላይ ሞዴሉ «በምን ሰዓት» እንደተፈተነ ማየት ግድ ይላል። ከሞዴሉ ግብዓቶች አንዱ ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ማዘዙ ነበር። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ የሚያዘው ኢንፌክሽን ሲጠረጥር ነው። ሞዴሉ ያንን ትዕዛዝ አይቶ ነጥቡን ከፍ ሲያደርግ፣ ዝናቡ ጣሪያውን መምታት ከጀመረ በኋላ «ሊዘንብ ነው» እንደሚል ሰው ነው። ፈተናው ላይ ትክክል ተብሎ ይቆጠርለታል፤ ለታማሚው ግን የጨመረለት ነገር የለም።

ይህን ጥርጣሬ በቁጥር ያሳየ ሌላ ጥናት ከዚያው ከሚሺጋን በ2024 ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ የ77,000 ያህል አዋቂ ታማሚዎችን መረጃ ይዘው ያንኑ ሞዴል በተለያየ የሰዓት ገደብ ፈተኑት። በቆይታው ሙሉ የተሰጡት ነጥቦች ሲቆጠሩ ብቃቱ 0.87 ሆነ። ታማሚው የሴፕሲስን መስፈርት ከማሟላቱ በፊት የተሰጡት ብቻ ሲቆጠሩ 0.62 ወረደ። ሐኪሙ የደም ካልቸር ምርመራ ከማዘዙ በፊት የነበሩት ብቻ ሲቀሩ 0.53 ደረሰ፤ ሳንቲም መወርወር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሞዴሉ አንድ ነው፣ ታማሚዎቹም እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ሰዓቱ የት ላይ እንደሚቆም ብቻ ነው። ሦስቱም ቁጥሮች በስሌት ትክክል ናቸው። ለሐኪም የሚጠቅመው ግን የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ የሚፈለገው ሐኪሙ ገና ባልጠረጠረበት ሰዓት ነው።

ለኩባንያው ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ኤፒክ በ2021ዱ ጥናት አልተስማማም። ሞዴሉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በየሆስፒታሉ መስተካከል እንዳለበትና ጥናቱ ይህንን እንዳላገናዘበ ተከራክሯል። በኋላ በ2022 ሞዴሉን እንደገና ሠርቶ፣ ሆስፒታሎች ከመጠቀማቸው በፊት በራሳቸው ታማሚዎች መረጃ እንዲያሠለጥኑት መክሯል። ክርክሩን ማን አሸነፈ የሚለውን ትተን፣ የኩባንያው መልስ ራሱ የሚለውን እናስተውል፦ አንድ ቦታ የተገኘ ውጤት ሌላ ቦታ እንዳለ እንደማይሠራ ሻጩ ራሱ ተቀብሏል።

እስካሁን ያየነው ሁሉ «ሴፕሲስ የያዘውና ያልያዘው» በትክክል ተለይቶ ተመዝግቧል ብለን ነው። መልሱ ራሱ ጠማማ ሲሆን ምን ይፈጠራል? አድልዎ በብዛት የሚገባው በዚህ በር ነው፤ በኮድ ፈተናም ሆነ በትክክለኛነት ፈተና አይታይም። ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው በኦክቶበር 2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የዚያድ ኦበርማየርና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። የመረመሩት የአሜሪካ የጤና ተቋማት ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ታማሚዎች የሚመርጡበትን አልጎሪዝም ነበር። አልጎሪዝሙ ዘርን እንደ ግብዓት አይወስድም ነበር። የሚተነብየውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል የሕክምና ወጪ ያስወጣል? ወጪን በመተንበይ ረገድ ለጥቁሮችም ለነጮችም ጥሩ ይሠራ ነበር። በተለመደው ፈተና ያልፋል።

ችግሩ ወጪና ሕመም አንድ አለመሆናቸው ነው። በአሜሪካ ጥቁር ታማሚዎች ሕክምና የሚያገኙበት መንገድ የጠበበ በመሆኑ፣ እኩል የታመሙ ሆነው ሳለ ከነጮች ያነሰ ገንዘብ ይወጣላቸዋል። ስለዚህ ወጪን በትክክል የተነበየው አልጎሪዝም ሕመምን አሳንሶ ገመተ። በእኩል ነጥብ ላይ የሚገኙ ጥቁርና ነጭ ታማሚዎች ሲነጻጸሩ ጥቁሮቹ ይበልጥ የታመሙ ሆነው ተገኙ። ይህ መዛባት ቢቃና ተጨማሪ ክትትል ከሚያገኙት ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ ከ17.7 በመቶ ወደ 46.5 በመቶ ከፍ እንደሚል ተመራማሪዎቹ አሰሉ። ይህንን ለማወቅ የቻሉት የአልጎሪዝሙን ነጥብ ከወጪው ጋር ብቻ ሳያስተያዩ፣ የደም ግፊትን፣ የስኳርንና የኩላሊትን ሁኔታ ከመሳሰሉት እውነተኛ የጤና መለኪያዎች ጋር በማስተያየታቸው ነው። የአድልዎ ፈተና ማለት እንግዲህ ውጤቱን በዘርና በጾታ ከፋፍሎ ማየት ብቻ አይደለም፤ የተጠየቀው ጥያቄ የምንፈልገው ጥያቄ መሆኑን፣ መልሱንም የመዘገበው ማን እንደሆነ መመርመር ነው።

ከፋፍሎ ማየቱም ቢሆን ቀላል እንዳይመስለን። በሆስፒታሉ ከታከሙት መካከል የአንድ ማኅበረሰብ ተወላጅ የሆኑ 40 የሴፕሲስ ታማሚዎች ብቻ ቢኖሩና ሞዴሉ 13ቱን ቢያገኝ፣ ከመቶ 33 ገደማ አገኘ ልንል ነው፤ ልክ እንደ አጠቃላዩ። ነገር ግን በ40 ሰው ላይ የተመሠረተ ግምት ስፋቱ ከመቶ 20 ያህል እስከ 48 ይደርሳል። ማለትም ሞዴሉ ለእነዚህ ሰዎች ከሌላው እጅግ የከፋ ሊሆን ይችላል፣ እኛም አናውቅም። «በቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ፣ በቡድኑ ውስጥ ስንት ታማሚ ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሚኒያፖሊስ የሚታከሙ ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው በአንድ ሰፊ የዘር መደብ ውስጥ ስለሚመዘገቡ ለብቻቸው የሚቆጠሩበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ያልተቆጠረ ቡድን ላይ ስህተቱም አይቆጠርም።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። በኤፕሪል 2020 ኮቪድ ሆስፒታሎችን ሲያጥለቀልቅ፣ በሚሺጋን የሴፕሲሱ ሞዴል ማስጠንቀቂያዎች በረከቱ። በሌላ ጥናት በ24 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተቆጠረው እንዲህ ነው፦ በሆስፒታሎቹ የተኛው ሰው ቁጥር በ35 በመቶ ሲቀንስ፣ ዕለታዊ የማስጠንቀቂያው ቁጥር በ43 በመቶ ጨመረ። ቀደም ሲል ትኩሳትና ፈጣን አተነፋፈስ አብረው ሲታዩ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ምልክት ነበሩ። ሞዴሉ የተማረው ይህንን ነው። አሁን ግን ያው ትኩሳትና ያው አተነፋፈስ ከቫይረስ መጣ። ግብዓቶቹ በአግባቡ ገብተዋል፣ ስሌቱ በአግባቡ ተሠርቷል፤ በምልክቱና በበሽታው መካከል የነበረው ዝምድና ግን ተለወጠ። ባለሙያዎች ድሪፍት የሚሉት ይህንን መንሸራተት ነው። የሚሺጋን ሆስፒታል በዚያው ወር ሞዴሉን አጠፋው።

ያ መንሸራተት ግልጽና ፈጣን ስለነበር ነርሶቹ ራሳቸው በጆሯቸው ሊሰሙት ይችሉ ነበር። አብዛኛው ግን እንዲህ አይጮህም። በኦክቶበር 1፣ 2015 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የበሽታ መመዝገቢያ ኮዳቸውን ከዘጠነኛው ወደ አሥረኛው ዓለም አቀፍ ቅጂ ቀየሩ፤ በድሮው ኮድ የተማረ ሞዴል ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚያነበው ነገር ተለወጠበት። አንድ ላብራቶሪ መሣሪያ ቀይሮ ክሪያቲኒንን በሚሊግራም ፈንታ በማይክሮሞል ቢልክ 1 የነበረው ቁጥር 88 ይሆናል። ይህኛውን ተራ የኮድ ፈተና ይይዘዋል፤ «ከዚህ እስከዚያ ካልሆነ አትቀበል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ከባዱ እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ደህና ሆኖ ድምሩ ቀስ በቀስ የሚሸሽበት ነው፤ አዲስ የሕክምና መመሪያ ይወጣል፣ ሆስፒታሉ የካንሰር ክፍል ይከፍታል፣ በአካባቢው አረጋውያን ይበዛሉ።

ይህን ለመያዝ መከታተል ያለብን ምንድን ነው? እውነተኛው መልስ፣ ማለትም ማን በእርግጥ ሴፕሲስ ነበረበት የሚለው፣ የሚታወቀው መዝገብ ተገላብጦ ከሳምንታት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሞዴሉን የሚከታተል ሰው ሁለት ነገር በየሳምንቱ ማየት ይችላል። አንዱ የደወሉ መጠን ነው፤ ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች በስንቱ ላይ ደወለ? በእነዚያ 24 ሆስፒታሎች ይህ መጠን ከ9 ወደ 21 በመቶ ዘሎ ነበር፤ ማንም የሴፕሲስ ምርመራ ውጤት ሳይጠብቅ ሊያየው የሚችለው ነገር ነው። ሌላው የየግብዓቱ ሥርጭት ነው፤ የዚህ ሳምንት የሙቀት መጠኖች ሞዴሉ ከተማረባቸው ጋር ይመሳሰላሉ? ሁለቱም ጥፋተኛውን አይነግሩም፤ የደወሉ መጠን የጨመረው ሴፕሲስ በእርግጥ ስለበዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲዘል በቅርብ የደወለባቸውን ጥቂት መዝገቦች አውጥቶ በዓይን የሚያነብ ሐኪም ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ሞዴሉ እስካለ ድረስ አያልቅም፤ በጀትም ይፈልጋል፤ ብዙ ግዢ ላይ ግን የማይጻፍ ወጪ ነው።

ነገሩ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጣጣ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ለሳንባ ነቀርሳ በሚመረምሩበት ጊዜ የደረት ራጅን የሚያነብ ሶፍትዌር በሰው አንባቢ ምትክ መጠቀም እንደሚቻል ፈቅዷል። ኢትዮጵያ ድርጅቱ የነቀርሳ ጫና ይበዛባቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ ናት። ራጅ የሚያነብ ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ይህ ሶፍትዌር በእርግጥ ሰው ሊያድን ይችላል። ሶፍትዌሩ እንደ ሴፕሲሱ ሞዴል ሁሉ ነጥብ ይሰጣል እንጂ «ነቀርሳ ነው» አይልም፤ ከየትኛው ነጥብ በላይ ያለው ሰው ወደ አክታ ምርመራ ይሂድ የሚለው ወለል በየቦታው መጠናት እንዳለበት ድርጅቱ ራሱ ያሳስባል። ቀድሞ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ደግሞ ነቀርሳው በራጅ ላይ የተለመደውን መልክ ላይዝ ይችላል። በሌላ አገር በተሰበሰበ ራጅ ላይ የተቀመጠ ወለል ለእነዚህ ሁለት ዓይነት ታማሚዎች ምን እንደሚያደርግ የሚታወቀው እዚሁ ከአክታ ምርመራ ጋር ሲስተያይ ነው።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ሲቀርብላችሁ የምትወስኑ የጤና ቢሮና የሆስፒታል ኃላፊዎች ሁሉ፣ የሻጩን ከመቶ ይህን ያህል የሚል ቁጥር ለመቀበል አትቸኩሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ሶፍትዌሩ ለጥቂት ወራት በራሳችሁ ታማሚዎች ላይ፣ ውጤቱ ለሐኪሙ ሳይታይ በስተጀርባ ይሥራ፤ ነጥቡም ከላብራቶሪ ውጤት ጋር ይነጻጸር። ውሉ ውስጥ የደወሉን መጠን በየሳምንቱ የሚያይና ቁጥሩ ሲዘል ሥርዓቱን ለማቆም ሥልጣን ያለው ኃላፊ በሥራ መደቡ ተለይቶ ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈበት ውል መፈረም የለበትም።